«ዬት»፣ «ኦልሬዲ» እና «ላስት ይር»፦ ክፍት ቦታውን የሚሞላው የትኛው ኃላፊ ጊዜ ነው?

የእንግሊዝኛ ሰዋስው ፈተና ከተሰጠ በኋላ ተፈታኞች መልሳቸውን ሲያመሳክሩ ደጋግሞ የሚያከራክራቸው አንድ የጥያቄ ዓይነት አለ። ዓረፍተ ነገሩ ክፍት ቦታ አለው፤ ግሱ በቅንፍ ተሰጥቷል፤ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥም እንደ «ዬት»፣ «ኦልሬዲ» ወይም «ላስት ይር» ያለ የጊዜ ቃል ይገኛል። አንዱ ወገን «ኦልሬዲ» ካለ መልሱ ሁልጊዜ ፕረዘንት ፐርፌክት ነው ይላል። ሌላው በአሜሪካ ፊልሞች «አይ ኦልሬዲ ኤይት» ሲባል መስማቱን ጠቅሶ ይሞግታል። ሦስተኛው ደግሞ ፕረዘንት ፐርፌክትም ሲምፕል ፓስትም ያለፈ ድርጊት ስለሚናገሩ በትርጉም ብዙም አይለያዩም፣ ክርክሩም የፈተና አውጪዎች ጣጣ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ሦስቱም አስተያየቶች ከፊል እውነት አላቸው። ሆኖም የጊዜ ቃሉ መልሱን እንዴት እንደሚወስንና መወሰን የሚያቅተውም መቼ እንደሆነ አያስረዱም። የአማርኛ ተናጋሪ ስህተት ለምን አንድ ዓይነት መልክ ይዞ እንደሚመላለስም አይነግሩንም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እነዚህን ጥያቄዎች ነው።

## ሁለቱን የሚለያያቸው ነገር

ፕረዘንት ፐርፌክት የሚባለው «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» በሚል ረዳት ግስና በሦስተኛው የግስ ቅርጽ የሚሠራው ጊዜ ነው። ሲምፕል ፓስት ግን በአዎንታዊ ዓረፍተ ነገር ሁለተኛውን የግስ ቅርጽ ብቻውን ይጠቀማል፤ ጥያቄና አሉታ ሲሆን «ዲድ» ይገባና ግሱ ወደ መነሻ ቅርጹ ይመለሳል። ቅርጹን ማወቅ ቀላሉ ክፍል ነው። አስቸጋሪው ሁለቱም ያለቀ ድርጊት ሊናገሩ መቻላቸው ነው።

ልዩነቱን ለማየት ጥሩ መነሻ የሚሆነን በሎስ አንጀለስ ያስተምር የነበረው ትውልደ ጀርመናዊ ፈላስፋ ሃንስ ራይሸንባክ እ.ኤ.አ. በ1947 ያቀረበው ሐሳብ ነው። በእሱ ትንታኔ አንድን የግስ ጊዜ ለመረዳት ሁለት ነጥቦች፣ ማለትም የንግግሩ ጊዜና የድርጊቱ ጊዜ፣ አይበቁም። ሦስተኛ ነጥብ ያስፈልጋል፤ ይህም ተናጋሪው ቆሞ ድርጊቱን የሚመለከትበት ጊዜ ነው። በሲምፕል ፓስት ተናጋሪው ሐሳቡን ወደ ኋላ ወስዶ ድርጊቱ በተፈጸመበት ጊዜ ላይ ያቆመዋል። በፕረዘንት ፐርፌክት ግን ከአሁን ሳይነቃነቅ ያለፈውን ድርጊት ከአሁን ሆኖ ያየዋል።

```
I have seen that film.
I saw that film last year.
```

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስለ ተናጋሪው የዛሬ ሁኔታ ይናገራል፤ ፊልሙን ካዩት ሰዎች አንዱ ነው። ሁለተኛው ባለፈው ዓመት ስለሆነ አንድ ክንውን ይናገራል። ፊልሙ ያው ነው፤ የታየበት ቀንም ያው ሊሆን ይችላል። የተለወጠው ተናጋሪው የቆመበት ቦታ ነው።

## የጊዜ ቃሎቹ የሚሠሩት ሥራ

ከዚህ ስንነሳ «ላስት ይር» ለምን ሲምፕል ፓስትን እንደሚጠራ ግልጽ ይሆናል። ይህ ሐረግ ያለቀና የተዘጋ ጊዜን በስሙ ጠርቶ ተናጋሪውን እዚያ ያቆመዋል። ፕረዘንት ፐርፌክት ደግሞ ተናጋሪው አሁን ላይ እንዲቆም ይጠይቃል። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስገባት ተናጋሪውን በአንድ ጊዜ በሁለት ቦታ ማቆም ስለሚሆን እንግሊዝኛ አይቀበለውም። «የስተርደይ»፣ «ቱ ዴይስ አጎ»፣ «ኢን 2015» እና «መቼ» ብሎ የሚጠይቀው «ዌን» የሚገኙት በዚሁ ወገን ነው።

«ዬት» እና «ኦልሬዲ» ግን የየትኛውም ጊዜ ስም አይደሉም። ሁለቱም የሚናገሩት ይጠበቅ ስለነበረ ለውጥ ነው፤ «ዬት» በጥያቄ ሲመጣ ለውጡ ደርሶ እንደሆነ ይጠይቃል፣ በአሉታ ሲመጣ ገና አለመድረሱን ይናገራል፣ «ኦልሬዲ» ደግሞ መድረሱን፣ ብዙ ጊዜም ከተጠበቀው ቀድሞ መድረሱን ያስታውቃል። ደረሰ ወይም አልደረሰም የሚባለው ተናጋሪው ከቆመበት ነጥብ ተነሥቶ ነው። ያ ነጥብ አሁን ሲሆን፣ እንደ አብዛኛው የመልመጃ ዓረፍተ ነገር ማለት ነው፣ ተፈላጊው ግስ ፕረዘንት ፐርፌክት ይሆናል።

ስለዚህ በመማሪያ መጻሕፍት በሁለት ዓምድ የሚቀመጠው ዝርዝር፣ በአንድ በኩል «ዬት»፣ «ኦልሬዲ»፣ «ሲንስ»፣ በሌላ በኩል «ላስት ይር»፣ «የስተርደይ»፣ «አጎ»፣ የተሳሳተ አይደለም። ጉድለቱ ሁለቱን ዓምዶች እኩል ክብደት እንዳላቸው አድርጎ ማቅረቡ ነው። የተዘጋ ጊዜ የሚጠሩት ቃሎች ጥብቅ ናቸው፤ «ኦልሬዲ»ና «ዬት» ግን የተናጋሪውን ቦታ ተከትለው ይሄዳሉ። ተናጋሪው የቆመበት ነጥብ ያለፈ ከሆነ «ኦልሬዲ» ያለ አንዳች ችግር ከኃላፊ ጊዜ ጋር ይገባል። ለምሳሌ «ሺ ኦልሬዲ ኒው ዚ አንሰር» የሚለው ዓረፍተ ነገር፣ በዚያን ጊዜ መልሱን ቀድሞውኑ ታውቀው ነበር ማለት ሲሆን፣ ምንም እንከን የለበትም።

## አማርኛ ተናጋሪ ለምን በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ይሳሳታል

የአማርኛ ተናጋሪዎችን መልስ ያረመ መምህር ሁለት ስህተቶች ደጋግመው ይገጥሙታል። አንደኛው ፕረዘንት ፐርፌክትን በማይገባበት ቦታ ማስገባት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሚገባበት ቦታ መተው ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ስለሆኑ ተማሪው በዘፈቀደ የሚገምት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሁለቱም ከአንድ ምንጭ፣ ከራሱ ከአማርኛ የግስ ሥርዓት፣ ይመነጫሉ።

አማርኛ «አየሁ» እና «አይቻለሁ» የሚሉ ሁለት ቅርጾች አሉት። ሁለተኛው በሰዋስው ትምህርት ቅርብ ኃላፊ የሚባለው ሲሆን ከቦዝ አንቀጽና «አለ» ከሚለው ረዳት ግስ ይሠራል። ይህ ቅርጽ በብዙ ቦታ የፕረዘንት ፐርፌክት አቻ ሆኖ ስለሚያገለግል ተማሪው «አይቻለሁ»ን ከ«አይ ሃቭ ሲን» ጋር አጣምሮ መያዙ ተፈጥሯዊ ነው። ልዩነቱ የሚታየው የተዘጋ ጊዜ ሲጨመር ነው። በአማርኛ «ፊልሙን ባለፈው ዓመት አይቼዋለሁ»፣ «ትናንት ደውዬለታለሁ» ማለት ትክክለኛና የዕለት ተዕለት አነጋገር ነው። ይህን በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ የሚወስድ ተማሪ «ሃቭ ሲን»ን ከ«ላስት ይር» ጋር ያገናኛል፤ በራሱ ቋንቋ ምንም የማይጋጭ ነገር ስለሆነም ጆሮው አያስጠነቅቀውም።

በአሉታው በኩል ነገሩ ይገለበጣል። «ጨረስኩ» የሚለው አሉታ «አልጨረስኩም» ነው፤ «ጨርሻለሁ» የሚለውም አሉታው ያው «አልጨረስኩም» ነው። በአዎንታ ሁለት የነበሩት ቅርጾች በአሉታ አንድ ይሆናሉ። «ገና አልጨረስኩም» የሚለውን ሐሳብ ይዞ ወደ ክፍት ቦታው የሚመጣ ተማሪ፣ ቋንቋው በዚህ ቦታ እንዲመርጥ ስላላስለመደው፣ ቀለል የሚለውን «ዲድንት ፊኒሽ» ይመርጥና «ዬት»ን በመጨረሻ ይተዋል። እንግሊዝኛ ግን በአሉታም ምርጫውን አያነሣም፤ «ሃቭንት ፊኒሽድ» እና «ዲድንት ፊኒሽ» የተለያየ ነገር ይናገራሉ።

ቅርብ ኃላፊን ከተዘጋ ጊዜ ጋር ማገናኘት የአማርኛ ብቻ ጠባይ እንዳልሆነ ልብ ማለት ተገቢ ነው። ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ከእንግሊዝኛው ጋር በአሠራር የሚመሳሰል ረዳት ግስ ያለው ኃላፊ ጊዜ አላቸው፤ ሁለቱም ግን «ትናንት» ከሚለው ቃል ጋር ያለ ችግር ይጠቀሙበታል። ከዚህ አንጻር የእንግሊዝኛው ክልከላ የዓለም ሁሉ ቋንቋ የሚጋራው አመክንዮ አይደለም፣ የእንግሊዝኛ የራሱ ሕግ ነው። ስለሆነም ተማሪውን «አስበህ ሥራ» ማለት ብቻውን አይረዳውም፤ በራሱ ቋንቋ በትክክል አስቦ የተሳሳተ መልስ ላይ ሊደርስ ይችላልና።

## አንድ መልመጃ በዝርዝር

የሚከተለው አጭር ምልልስ ስድስት ግሶችን ያስሞላል።

```
A: ____ you ____ (send) the letter yet?
B: Yes, I ____ already ____ (send) it. I ____ (post) it on Monday.
A: ____ they ____ (reply)?
B: Not yet. Last year they ____ (take) a month,
   but the office ____ (change) a lot since last year.
```

በመጀመሪያው ጥያቄ ሁለት ክፍት ቦታዎች መኖራቸው መልሱን አይጠቁምም፤ በጥያቄ ውስጥ «ዲድ»ም «ሃቭ»ም ከባለቤቱ በፊት ስለሚቀመጡ ሁለቱም ቦታውን ሊሞሉት ይችላሉ። የሚወስነው «ዬት» ነው፤ ጠያቂው ስለ አንድ ቀን እየጠየቀ አይደለም፣ ማወቅ የፈለገው ደብዳቤው እስከ አሁን ሄዷል ወይስ አልሄደም የሚለውን ነው። መልሱ «ሃቭ» እና «ሴንት» ይሆናል።

በሁለተኛው ግስ ግን ራሱ የክፍት ቦታው አቀማመጥ ይናገራል። «ኦልሬዲ» በሁለት ክፍት ቦታዎች መካከል ገብቷል፤ ይህ ደግሞ የረዳት ግሱና የዋናው ግስ መካከል ነው። ሲምፕል ፓስት በአዎንታዊ ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ብቻ ስለሚፈልግ እዚህ አይገባም።

ሦስተኛው ግስ ተማሪዎች በብዛት የሚስቱበት ነው። ምልልሱ በፕረዘንት ፐርፌክት ስለተጀመረ በዚያው መቀጠል ተገቢ ይመስላል። ነገር ግን «ኦን መንደይ» ሲጠራ ተናጋሪው ከአሁን ተነሥቶ ወደ ሰኞ ሄዷል፤ ስለዚህ «ፖስትድ» ብቻውን ይገባል። ይህ የእንግሊዝኛ ንግግር የተለመደ አካሄድ ነው፤ ወሬው በፕረዘንት ፐርፌክት ይገባና መቼ፣ የት፣ እንዴት የሚለው ዝርዝር ሲጀምር ወደ ሲምፕል ፓስት ይሸጋገራል።

አራተኛው ግስ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ምንም የጊዜ ቃል የለውም። ዝርዝሩን ብቻ የሸመደደ ተማሪ እዚህ መነሻ ያጣል። ፍንጩ የሚገኘው በሚቀጥለው መስመር፣ «ኖት ዬት» በሚለው መልስ ላይ ነው፤ «ገና» ተብሎ የሚመለሰው ስለ አሁን ሁኔታ የሚጠይቅ ጥያቄ ነውና ክፍት ቦታዎቹ «ሃቭ» እና «ሪፕላይድ» ናቸው።

የመጨረሻው መስመር «ላስት ይር»ን ሁለት ጊዜ ይዟል፤ ሆኖም ሁለቱ ግሶች አንድ ዓይነት አይደሉም። «ቴክ» የሚለው ግስ ባለፈው ዓመት ስለሆነ ነገር ስለሚናገር «ቱክ» ይሆናል። «ቼንጅ» ግን «ሲንስ» ከሚለው ቃል ጋር ስለመጣ «ሃዝ ቼንጅድ» ይሆናል፤ የሚናገረው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ አሁን ስለሚዘልቀው ጊዜ ነውና።

```
A: Have you sent the letter yet?
B: Yes, I have already sent it. I posted it on Monday.
A: Have they replied?
B: Not yet. Last year they took a month,
   but the office has changed a lot since last year.
```

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ጥያቄ ከዝርዝሩ የተሻለ ያገለግላል፤ ዓረፍተ ነገሩ የሚመልሰው «መቼ ሆነ?» የሚለውን ነው ወይስ «እስከ አሁን ሆኗል ወይ?» የሚለውን? ለመጀመሪያው ሲምፕል ፓስት፣ ለሁለተኛው ፕረዘንት ፐርፌክት ይሆናል። መምህር መልመጃ ሲያወጣም እንደ «ሴንድ» ያሉ ሁለተኛና ሦስተኛ ቅርጻቸው አንድ የሆኑ ግሶችን ብቻ ባይመርጥ ይመከራል። እንደ «ቴክ» ያለ ግስ፣ «ቱክ» እና «ቴከን» ብሎ ስለሚለያይ፣ ተማሪው የተሳሳተው ጊዜውን ይሁን ቅርጹን ለይቶ ያሳያል።

## ያው ቃል፣ ሌላ መልስ

```
He ____ (be) ill last year.
He ____ (be) ill since last year.
He ____ (be) ill twice in the last year.
We already ____ (discuss) this last year.
```

የመጀመሪያው «ዋዝ»፣ ሁለተኛው «ሃዝ ቢን» ነው፤ ምክንያቱ ከላይ ታይቷል። ሦስተኛው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ዘ» የምትለው ትንሽ ቃል ስትጨመር «ላስት ይር» ባለፈው የዘመን መለወጫ የተዘጋው ዓመት መሆኑ ይቀራል፤ «ኢን ዘ ላስት ይር» ማለት ከአሁን ወደ ኋላ ሲቆጠር ያሉት አሥራ ሁለት ወራት ማለት ነው። ይህ ጊዜ ጫፉ አሁንን ስለሚነካ «ሃዝ ቢን» ይገባል። ስለ ሳምንትና ስለ ወርም ያው ነው፤ «ላስት ዊክ» የተዘጋ ሳምንት ሲሆን «ኢን ዘ ላስት ዊክ» እስከ ዛሬ የሚዘልቁ ሰባት ቀናት ናቸው።

አራተኛው ሁለቱን የሚጋጩ ፍንጮች በአንድ ላይ ያመጣል። «ኦልሬዲ» ወደ ፕረዘንት ፐርፌክት፣ «ላስት ይር» ወደ ሲምፕል ፓስት ይስባል። እንዲህ ሲሆን የሚያሸንፈው የተዘጋው ጊዜ ነው፤ መልሱ «ዲስከስድ» ብቻ ነው። «ኦልሬዲ» እዚህ የሚያስታውቀው ጉዳዩ ቀደም ሲል የታየ መሆኑን ነው፣ ያንንም ለማለት ረዳት ግስ አያስፈልገውም።

## «ዲድ ዩ ኢት ዬት» ስህተት ነው?

በዚህ ጥያቄ ላይ ያሉት ሁለት ወገኖች እያንዳንዳቸው ማስረጃ አላቸው። በብሪታንያ እንግሊዝኛ ላይ በተመሠረተው ትምህርት «ዬት»፣ «ኦልሬዲ» እና «ጀስት» ስለ አሁን ሁኔታ ሲናገሩ ፕረዘንት ፐርፌክትን ይፈልጋሉ። በአሜሪካ እንግሊዝኛ ግን፣ በተለይ በንግግር፣ ሲምፕል ፓስትም ከእነዚህ ቃሎች ጋር የተለመደ ነው፤ «ዲድ ዩ ኢት ዬት» እና «አይ ኦልሬዲ ኤይት» የሚሉትን የሚናገሩት ቋንቋው አፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ይህን በጥቅሉ የተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው ማለት ትክክል አይደለም።

ይሁን እንጂ ፈቃዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። አሜሪካውያን በፕረዘንት ፐርፌክት ቦታ ሲምፕል ፓስትን ይጠቀሙ ይሆናል፤ «ሃቭ ሲን»ን ከ«ላስት ይር» ጋር ማገናኘትን ግን መደበኛው የአሜሪካ እንግሊዝኛም አይቀበልም። ከዚህ የተነሣ ተፈታኙ የትኛውን እንግሊዝኛ መከተል እንዳለበት ባልተነገረው ፈተና፣ ሌላ የተዘጋ ጊዜ እስካልተጠራ ድረስ፣ ከ«ዬት»ና ከ«ኦልሬዲ» ጋር ፕረዘንት ፐርፌክትን መምረጥ በሁለቱም ወገን የሚያስኬደው ነው።

የአራሚው ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በእኔ እምነት መመሪያው የብሪታንያን ልማድ ተከተሉ ካላለ «ዲድንት ፊኒሽ ዬት» ብሎ የሞላን ተማሪ ዜሮ መስጠት አግባብ አይደለም። ተቃራኒው ክርክርም ክብደት አለው፤ መልመጃው የተዘጋጀው ፕረዘንት ፐርፌክትን ለማስለመድ ከሆነ ሲምፕል ፓስትን መቀበል ዓላማውን ያፈርሰዋል፤ ተማሪውም የአሜሪካን ልማድ አውቆ ሳይሆን «አልጨረስኩም»ን ተርጉሞ የጻፈው ሊሆን ይችላል። ከአንድ መልስ ብቻ ይህን መለየት አይቻልም፤ ለመለየት የሚረዳው «ሲንስ» ነው። ያው ተማሪ «አይ ዲድንት ሲ ሂም ሲንስ መንደይ» ብሎ ከጻፈ፣ መደበኛው የአሜሪካ ጽሑፍም እዚህ «ሃቭንት ሲን» ስለሚፈልግ፣ መነሻው የአማርኛው አሉታ መሆኑን መገመት ይቻላል። እርማቱም ያነጣጠረው «ዬት» በሚለው ቃል ላይ ሳይሆን በአሉታው ላይ መሆን ይኖርበታል።

## ፍንጩ ሲጠፋ

ቃሉን አይቶ መልስ የመስጠት ልማድ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ከፈተና ወረቀቱ ውጭ ነው። በራስ ጽሑፍ ውስጥ ክፍት ቦታ የለም፤ ብዙ ዓረፍተ ነገሮችም የጊዜ ቃል የላቸውም። ስለዚህ በመልመጃ ሁሉንም የመለሰ ተማሪ አንድ አንቀጽ ሲጽፍ ሊደናገር ይችላል። ይህ ጎልቶ የሚታየው የዜና ጽሑፍ ከአማርኛ ሲተረጎም ነው። በአማርኛ ዜና «ኮሚቴው አዲስ ሊቀ መንበር መርጧል፤ ባለፈው ዓርብ ተሰብስቧል፤ ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጥቷል፤ ዝርዝሩን ገና ይፋ አላደረገም» ብሎ ከመነሻው እስከ «ሰጥቷል» ድረስ በቅርብ ኃላፊ መቀጠል የተለመደ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ያው ዜና ሁለት ጊዜ ቦታ ይለውጣል።

```
The committee has chosen a new chair.
It met on Friday and voted twice.
It has not published the details yet.
```

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ዛሬ ያለውን አዲስ ሁኔታ ስለሚያስታውቅ በ«ሃዝ ቾዝን» ይጀምራል። ዓርብ ሲጠራ ተራኪው ወደዚያ ቀን ይሄዳል፤ «ቮትድ» ከአጠገቡ የራሱ የጊዜ ቃል ባይኖረውም ገና እዚያው ዓርብ ላይ ስለሆነ በሲምፕል ፓስት ይቆያል። ሦስተኛው ወደ አሁን ይመለሳል፤ አማርኛው «አላደረገም» ብሎ አንድ ቅርጽ ብቻ በሚሰጥበት በዚህ ቦታ እንግሊዝኛው «ሃዝ ኖት» ይላል፣ «ዬት»ም የሚገባው ተራኪው አሁን ላይ ቆሞ ዝርዝሩን እየጠበቀ ስለሆነ ነው።